በበጋ የሚፈተሽ ጣሪያ

ሐራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እዚያ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድ ነው። የዛሬ ወሬዬ ግን በዚያው አካባቢ ስለሚሠሩ ትንንሽ የመማሪያ ክፍሎችና ጤና ኬላዎች፣ በተለይም ተቋራጩ የመጨረሻ ገንዘቡን ስለሚቀበልበት ደብዳቤ ነው።

ለምሳሌ በ12 ሚሊዮን ብር የተሠራ የመማሪያ ሕንፃ እንውሰድ። ውሉ ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ ሪቴንሽን እንዲያዝ ካዘዘ 600 ሺህ ብር ይጠራቀማል። እንደ ተለመደው ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፤ 300 ሺው የአንድ ዓመቱ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አልቆ መሐንዲሱ «ጉድለቶቹ ታርመዋል፣ ይለቀቅለት» ብሎ እስኪጽፍ ይቆያል።

ጊዜያዊ ርክክቡ ታኅሣሥ ላይ ነበር እንበል። ሐምሌ ላይ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ጎርፉም ከመሠረቱ ሥር ተኛ። ተቋራጩ ኅዳር ላይ መጥቶ ጠገነ። ታኅሣሥ ላይ የመጨረሻው ምርመራ ሲደረግ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮርኒሱም አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ታዲያ መሐንዲሱ ያየው ጥገናውን ነው ወይስ ቀለሙን?

በበጋ የሚመረምር ሰው ዝናቡን ራሱ ማምጣት አለበት። አንዱ ቆርቆሮው ላይ በጎማ ውኃ ይለቃል፤ ሌላው ውስጥ ሆኖ የሚስማር ቀዳዳዎቹንና የአሸንዳውን መጋጠሚያ ያያል። ስንጥቁ ላይ ጥገናው እንዳለቀ ጂብሰም ተለጥፎ ቀን ይጻፍበታል፤ ጂብሰሙ መልሶ ከተሰነጠቀ መሠረቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ልስን አይፈታውም። በተለይ መረሬ አፈር ላይ ይህን መዝለል አይገባም። ልስኑም በእንጨት ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ አልያዘም። (ተማሪ የሰበረው የበር እጀታ ግን የተቋራጩ ዕዳ አይደለም፤ ከዝርዝሩ ይውጣ።)

ስለዚህ ደብዳቤው ከእያንዳንዱ ጉድለት ጎን መቼ እንደታረመና በምን እንደተፈተሸ ይጻፍበት። «ሁሉም ተስተካክሏል» የሚል አንድ መስመር የሚከፍለውን የፋይናንስ ኃላፊም አይጠብቅም።

ሌላው ጥፋት በተቃራኒው በኩል ያለው ነው። አንድ የውኃ ቦይ ስለቀረ 300 ሺው በሙሉ ይታገዳል፤ ትንሽ ተቋራጭ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ነው ቀጣዩን ሥራ የሚጀምረው። የ1999ኙ የፊዲክ ውል እንኳ መሐንዲሱ እንዲያስቀር የሚፈቅድለት የቀረውን ሥራ ግምት ብቻ ነው። ቦዩ 40 ሺህ ብር የሚፈጅ ከሆነ ደብዳቤው 260 ሺው ይለቀቅ ይበል፣ ለቀሪውም ቀን ይቁረጥ። የእናንተ ውል ምን እንደሚል ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ከፈረምኩ በኋላ ጉድለት ቢወጣስ ብሎ ለሚሰጋ መሐንዲስም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 አለ፤ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው።