ዲከረንስ ሲታመም፦ ሀብትን መከፋፈል ምን ያህል ይታደጋል?

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ በርካታ አርሶ አደሮች የእህል ማሳቸውን ለከሰል በሚውለው የዲከረንስ ዛፍ ሸፍነው ጥሩ ገቢ ሲያገኙ ቆይተዋል። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የፈንገስ በሽታ ዛፉን ማድረቅ ሲጀምር ግን፣ መሬቱን በሙሉ ለዲከረንስ ለሰጠ ሰው ሌላ መጠጊያ አልነበረውም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ዲከረንስ ከአምስት ዓመት በአንዱ ይከስራል፣ የበግ እርባታም እንዲሁ እንበል። ሀብቱን ሁሉ በዛፉ ላይ ያዋለ ሰው ከ25 ዓመታት በአምስቱ ባዶ እጁን ይቀራል። እኩል ከፍሎ ዛፍም በግም የያዘ ግን፣ ሁሉን የሚያጣው በአንዱ ዓመት ብቻ ነው። በምትኩ በስምንት ዓመታት ግማሹን ያጣል። በጠቅላላው የሚጠፋው ሀብት ለሁለቱም እኩል ነው፤ ልዩነቱ የሁለተኛው ቤተሰብ ጉዳት በትንሽ በትንሹ መምጣቱና ለማገገም ፋታ መስጠቱ ነው።

ይህ የሚሠራው የኪሳራዎቹ መንስኤ ሲለያይ ነው። የዛፉ ፈንገስ በግ አይነካም፤ በሌላ ቀበሌ የተተከለ ዲከረንስን ግን ያገኘዋል። ደንበኞቹ ከሰል አምራቾች የሆኑለት የከተማ ባለሱቅም፣ ዛፍ ባይተክልም ከዛፉ ጋር ይጎዳል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከሰሉም በጉም ገበያ አይደርስም።

ስለዚህ ሀብትን ከመከፋፈል በፊት የሚጠየቀው ብዛቱ ሳይሆን፣ አንዱን የሚጥለው ነገር ሌላውንም ይጥል እንደሆነ ነው።