ሠራተኛዋ አልሰረቀችም

ታሪኩ በብዙ ሰፈር ያለ ነው። እናት 71 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። ትልቋ ልጅ ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ በየእሁዱ ትደውላለች። ታናሽ ወንድሟ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ግን በአስራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ቢል ነው። ከእናትየው ጋር ውላ የምታድረው ከሦስት ዓመት በፊት የተቀጠረችው የቤት ሠራተኛ ብቻ ናት። አንድ ቀን የእናትየው የአንገት ወርቅ ጠፋ። "ሰረቀችኝ" አሉ። ልጆቹ በስልክ ተማከሩ፤ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛዋ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሌላ ተቀጠረች። ወር ሳይሞላት እሷም "ስኳር ትሰርቃለች" ተባለች።

ሁለት ሌባ በተከታታይ መቅጠር ይቻላል። ግን ከዚህ በፊት ሰው በማማት የማይታወቁ እናት ተራ በተራ ሰው መጠርጠር ሲጀምሩ ቤተሰቡ ወደ ቁም ሳጥኑ ሳይሆን ወደ እናትየው ማየት ነበረበት። የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ሲጀምር ሰው ዕቃውን ያስቀመጠበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ማስቀመጡን ራሱ ይረሳል። ወርቁን የደበቀው እጁ መሆኑን ስለማያውቅ፣ ለጎደለው ዕቃ አእምሮው የሚያገኘው ማብራሪያ ሌባ ነው። እናትየው አይዋሹም፤ የሚናገሩትን ያምኑታል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያቀርብ የተናገረው ስለ አንዲት ሴት ነበር። ወደ ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር፤ በመጀመሪያ ጎልቶ የታየባት ለውጥ ደግሞ ባሏን ያለ ምክንያት መጠርጠር ነው። የማስታወስ ችግሯ ገኖ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ቨርጂኒያ ያለችው ልጅ በየሳምንቱ እያወራቻቸው እንዴት አላወቀችም? ምክንያቱ ሰላምታችን ነው። "እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እያለ የሚሄድ የአስር ደቂቃ ንግግር ከሕፃንነት ጀምሮ የተለማመዱት ነው፤ አዲስ ነገር ማስታወስን አይጠይቅም። በሽታው በመጀመሪያ የሚነካው የቅርብ ጊዜን ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ስለሆነ የቆየ ልማድ ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። እናትየው የሠላሳ ዓመት ታሪክ አሳምረው ያወራሉ፤ ልጅቱም "እማዬ ከኔ የተሻለ ታስታውሳለች" ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ትናንት ማን እንደመጣ ብትጠይቃቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ምክንያት የሚጨነቅ ቤተሰብ አለ። አባት የጎረቤቱን ስም ለመጥራት ተቸግረው "ያ... ማን ነበር... ባለ ሱቁ" ሲሉ ልጆች በዓይን ይጠቃቀሳሉ። ይህ የእርጅና መደበኛ መልክ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስም ምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ቁልፍ ይጠፋል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሥራት ይከብዳል። የቃላት ሀብት ግን አይቀንስም፤ የኑሮ ዕውቀትም እንዳለ ነው። ዋናው ነጥብ የጠፋው ነገር መመለሱ ነው። አባትየው ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጡ ሳለ ስሙ ድንገት ይመጣላቸዋል።

ስለዚህ መቁጠር ያለበት ስንት ጊዜ ረሱ የሚለው አይደለም። ፍንጭ ሲሰጣቸው ምን ሆነ? ያለፈው ሳምንት ሰርግ ላይ የሙሽራውን ስም የረሱ አዛውንት "ያ የአክስቴ ልጅ፣ ዝናብ ያበላሸው ድንኳን" ሲባሉ "አዎ! ጫማዬ የረጠበበት!" ካሉ ትዝታው ተመዝግቧል ማለት ነው፤ የተቸገሩት ፈልጎ በማውጣቱ ነው። ፍንጩ ሁሉ ተሰጥቶ "የምን ሰርግ?" ካሉ፣ ይህም ከተደጋገመ፣ ነገሩ ከመጀመሪያውም አልተመዘገበም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንኑ ጥያቄ አራት ጊዜ የሚጠይቁትም መልሱ ስላልገባቸው ሳይሆን መጠየቃቸው ራሱ ስላልተያዘላቸው ነው።

ሁለተኛው መለያ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እናት በቴሌብር መላክ አልቻሉም ብሎ መጨነቅ ከንቱ ነው፤ አዲስ ነገር መማር ለማንም አዛውንት ይከብዳል። የሚያሳስበው አርባ ዓመት የሠሩት ሥራ ሲፈርስ ነው። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ይጨምራሉ፣ ወይም የቡናው ተራ ይምታታባቸዋል። የዕድሩን ገንዘብ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው የመቶ ብር መልስ ይጠፋቸዋል፤ ወይም ሁልጊዜ ከሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ይሳሳታሉ።

ሐኪም ቤትም ቢሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰዓት ሣሉ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ቁጠሩ የሚሉ የታወቁ ፈተናዎች ትምህርት ቤት ለገባ ሰው የተሠሩ ናቸው። እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት ሰዓት ባይሥሉ ስለ አንጎላቸው የሚነግረን ጥቂት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን አይተው በሥዕል ፋንታ የክብሪት እንጨት በመደርደር የሚፈትን መለኪያ አዘጋጅተዋል። ቀን ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። የፈረንጁን ቀን ያልመለሱ እናት ዛሬ ሚካኤል መሆኑን ካወቁ ቀኑን አውቀዋል። በየወሩ 12ን እና 21ን ሳይስቱ የኖሩ ሰው የትኛው ጾም ላይ እንዳሉ ሲጠፋቸው ግን ያ ምልክት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም "የመርሳት በሽታ ነው" ብሎ መደምደም ይቸኩላል። የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ያልታወቀ ድብርት፣ ጆሮ አለመስማት ሰውን የረሳ ያስመስሉታል፤ ሊታከሙም ይችላሉ። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ለእንቅልፍ ወይም ለጉንፋን ተብለው ከፋርማሲ የሚገዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም የአዛውንት አእምሮ ያደነዝዛሉ። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ደም ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ግራ መጋባቱ በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣና ጠዋት ደኅና፣ ማታ የባሰ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የመርሳት በሽታ እንዲህ አይመጣም፤ በወራትና በዓመታት ይንፏቀቃል። አልዛይመር ከሆነም የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያሉት መድኃኒቶች ለአንዳንዱ መጠነኛ እፎይታ ይሰጣሉ። ቢሆንም ቀድሞ ማወቅ የቤቱን ካርታና የባንኩን ውክልና እናትየው ራሳቸው መወሰን በሚችሉበት ጊዜ ለመጨረስ ይረዳል።

ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብሎ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ወንድ ልጁ ነው። "ትንሽ ይረሳሉ፣ ሌላ ምንም የለባቸውም" ይላል፤ ያየው በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ምድጃው ስንት ጊዜ በርቶ እንደቀረ፣ ሌሊት ተነስተው በር እንደሚፈትሹ፣ የምሳውን ወጥ ሁለቴ እንዳጣፈጡ የምታውቀው ሠራተኛዋ ናት። እሷን ይዞ መሄድ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከዚህ ቤት ግን ተባርራለች።

ወርቁ ለፋሲካ ቤቱ ሲጸዳ በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ፤ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በእናትየው አቋጠር ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ። ልጁ ወደ ሠራተኛዋ ደወለ። ስልኩ አይሠራም።