ጥቁር ላም ከጥቁር ኮርማ ቀይ ጥጃ ስትወልድ

አንድ ጎረቤቴ የፈረንጅ ላም አለችው። ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናት። ኮርማ ስትፈልግ አዳቃዩ መጥቶ የጥቁር ቡሬ ኮርማ ዘር ሰጣት። የተወለደው ጥጃ ግን ቀይና ነጭ ሆነ። ሰውዬው ተናደደ። «አዳቃዩ አታሎኛል፤ አለዚያም የመንደሩ ቀይ ኮርማ ቀድሞኛል» ብሎ ሊካሰስ ተነሣ። መጀመሪያ ግን ይህን ነገር እንይ።

የከብት ሰውነት በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል እጅግ ቀጭን ክር አለ። ክሩ እንደ ጽሑፍ ነው። እኛ የተማርነው ፊደል ከ200 ይበልጣል፤ የዲኤንኤ ፊደል 4 ብቻ ነው። የቀንዱም፣ የሰኮናውም፣ የጸጉሩም አሠራር በእነዚሁ በ4ቱ ተጽፏል። ሕዋሱ የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ነው።

እስቲ ይህን አንብቡ፦ በሬው ገብስ በልቶ አደረ። እያንዳንዱ ቃል 3 ፊደል ነው። አሁን «ብ»ን አውጡና እንደገና ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ቁጠሩ፦ በሬው ገስበ ልቶአ ደረ። አንድ ፊደል ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ተበላሸ። በፈረንጅ ላሞችም የሆነው ይኸው ነው። ጥቁር ቀለም የሚያሠራው ጽሑፍ 950 ያህል ፊደል አለው። በአንዳንዶቹ ላሞች ከዚህ ውስጥ አንዲት ፊደል ጠፍታለች። ጽሑፉ ስለማይነበብ ጸጉሩ ጥቁሩን ትቶ ቀዩን ይሠራል።

ታዲያ ላሟ ራሷ ለምን ጥቁር ሆነች? ይህ ጽሑፍ በላሟ ውስጥ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ የመጣ። አንዱ ደህና ከሆነ ለጥቁርነት ይበቃል። የጎደለው ተደብቆ ይኖራል። ለጥጃዋ የምትሰጠው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚደርሰው ዕጣ ነው። ኮርማውም እንዲሁ። ሁለቱም የጎደለውን ከደበቁ ዕጣው 4 ዓይነት ነው፦ ደህና ከደህና፣ ደህና ከጎደለ፣ ጎደለ ከደህና፣ ጎደለ ከጎደለ። ሦስቱ ጥቁር ናቸው፤ የመጨረሻው ቀይ ነው። ከ4 ጥጆች አንዱ የግድ ቀይ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ በየወሊዱ ዕጣው እንደገና ይወጣል።

እንግዲህ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ጥጃው ቀይ ከሆነ ከጎደለው አንዱ የመጣው ከላሟ ነው። አዳቃዩ ያመጣው ኮርማም ደብቆ ሊሆን ይችላል። የመንደሩ ቀይ ኮርማም አባቱ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ብቻ አይፈርድም። የሚለየው ከነሥሩ የተነቀለ የጥጃው ጸጉር ከላሟና ከኮርማው ዲኤንኤ ጋር በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። በአገራችን ከብቶች ደግሞ ቀለሙን የሚወስኑ ሌሎች ጽሑፎችም ስላሉ ይህ ሒሳብ ሁልጊዜ አይሠራም።

ጎረቤቴ ክሱን ለጊዜው ትቶታል። ጥጃዋ ሴት ስለሆነች ለማሳደግ አስቧል። ያቺ የጠፋችው ፊደል የጸጉር ናት፤ የወተቱ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ነው።