ጠርሙሱን ከመውቀሳችን በፊት ክፍሉን እንለካ

በቅርቡ አንዲት እህት ቤት ለዚያራ ሄደን ነበር። ገና በሩ ሲከፈት የሽቶ ሽታ አፈነን። መስኮቱ ደፍ ላይ ስምንት ስንጥሮች የተሰኩበት የሽቶ ጠርሙስ ተቀምጧል። እህታችን ግን «ይሄ እኮ ምንም አይሸትም፤ ገንዘቤን ነው የበላው» እያለች በላዩ ላይ የሚረጨውን ሽቶ ደጋግማ ነፋችበት። አስም ያለበት ልጇ ወዲያው ማሳል ጀመረ።

በእኔ እምነት ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽታው ሲጠፋብን ጠርሙሱን እንወቅሳለን፣ መጠኑንም እንጨምራለን። አፍንጫ ግን አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃዎች ካሸተተ በኋላ ይለምደዋል፤ ሽታው እያለም የለም ይለናል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ጥሩ ዳኛ አይደለም። እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ ቆይተው ይመለሱና በሩ ላይ ያሽትቱ፤ ወይም እንግዳ ይጠይቁ።

ባለ ስንጥር ሽቶ የሚሠራው እንደ ኩራዝ ክር ነው። በስንጥሩ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቁ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ፤ ፈሳሹ በእነሱ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ይተናል። የሽታውን ኃይል የሚወስነው እንግዲህ ፈሳሹ ውስጥ ያለው የሽቶ ድርሻ ብቻ ሳይሆን የስንጥሩ ቁጥርም ነው። ስንጥር ሲበዛ ሽታው ይጠነክራል፣ ጠርሙሱም ቶሎ ያልቃል። ስንጥሮቹን መገልበጥም ለጊዜው ሽታውን ያጎላዋል።

አሁን ወደ እህታችን ቤት እንመለስ። ሽቶውን የወደደችው እናቷ ቤት አሽትታው ነው። የእናቷ ሳሎን 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ነው፤ ሲባዛ 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የእርሷ ሳሎን ግን 3 በ3፣ ከፍታው ያው 2.5 ነው፤ 22.5 ሜትር ኩብ ብቻ። ከግማሽ ያነሰ አየር ውስጥ ያንኑ ስምንት ስንጥር ሰካችበት! ለእርሷ ሳሎን ሦስት ወይም አራት ይበቃ ነበር። ለመታጠቢያ ቤት ደግሞ በሁለት መጀመር ይሻላል። ከሁለት ቀን በኋላ በእርግጥ ካነሰ አንድ መጨመር ይቻላል፤ አስቀድሞ መትረፍረፍ ግን አያስፈልግም።

ቦታውም ልክ አልነበረም። መስኮት ደፍ ላይ ፀሐይ ፈሳሹን ቶሎ ታተነዋለች። መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ ይታፈናል፤ ሲከፈት ደግሞ ነፋሱ ሽታውን ወደ ውጭ ይዞት ይሄዳል። የተሻለው ቦታ ሰው የሚያልፍበት፣ አየሩ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስበት፣ ለምሳሌ መግቢያው አጠገብ ያለ መደርደሪያ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ወይም ጥግ ላይ ከተደበቀ ሽታው እዚያው ይቀራል። ልጆች የማይደርሱበት መሆኑንም አይዘንጉ፤ ፈሳሹ ቢጠጣ ይጎዳል፣ ቢፈስም የዕቃ ቀለም ያበላሻል።

ሽታው በእውነት ከደከመ ስንጥሮቹን ይመልከቱ። ፈሳሹ እያለ ስንጥሮቹ በአቧራ ከተደፈኑ አዲስ ስንጥር ነው መፍትሔው። ውኃ አይጨምሩበት፤ ከዘይቱ ጋር ስለማይዋሃድ ሥራውን ያበላሸዋል።

የሚረጨው ሽቶ ጠባዩ ይለያል። እርሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለቅና ቶሎ ይጠፋል። ለትንሽ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ክፍሉ መሐል፣ ከፍ አድርጎ መርጨት በቂ ነው። ሶፋና መጋረጃ ላይ ከተረጨ ጨርቁ ይይዘውና ለቀናት ይሸታል። ከረጩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት፣ ከተቻለም መስኮት መክፈት ይገባል። የከሰል ምድጃ ወይም ሻማ እየነደደ ግን በፍጹም አይረጭም፤ አብዛኞቹ ተቀጣጣይ ናቸው።

ሽቶ መጥፎ ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ግድግዳው እርጥበት ካለው ወይም የቆሻሻ ቅርጫቱ ካልተደፋ መጀመሪያ እርሱ ይታይ። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ መለኪያው የእኛ ደስታ ሳይሆን የእርሱ ትንፋሽ ነው። ካስነጠሰው፣ ካሳለው ወይም ደረቱን ካፈነው መቀነስ ሳይሆን ማንሳት ነው የሚሻለው።

እህታችንም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጠርሙሱን ለእናቷ ሰጠች፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቷን ትከፍታለች። በቀደም ስንሄድ በሩ ላይ የተቀበለን የቡና ሽታ ነበር።