ሁለት ቤቶች፣ አንድ ቅሬታ፤ ከየካ እስከ እንጦጦ ግርጌ ኢንተርኔቱን የሚያዘገየው ምንድን ነው?

ክረምት ሲገባ በየካ ዳገታማ ሰፈሮች አንድ አባባል ይደጋገማል፦ «ዝናቡ መጣ፣ ኢንተርኔቱ ሄደ»። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እንጦጦን ተደግፈው የተሠሩ ቤቶችም ሆኑ ከኮተቤ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ መንደሮች ይህን ቀልድ ያውቁታል። ቀልዱ ግን ገንዘብ ያስወጣል። ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ፋይሉ ሳይላክ ያድራል፤ በኢንተርኔት የሚማር ልጅ መምህሩ ተናግሮ ሲጨርስ ድምፁ ይደርሰዋል። የወሩ ክፍያ ግን ሳይቀንስ ይመጣል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅሬታው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይገለጻል፦ «ቀርፋፋ ነው»። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ቃል ነው። በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ማለትም ኤዲኤስኤል፣ የሚቀንሰው ፈጽሞ በማይገናኙ በሁለት ዓይነት ምክንያቶች ነው። አንደኛው ርቀት ነው፤ ቴክኒሻን ቢመጣ ባይመጣ አይድንም። ሁለተኛው የተጎዳ ሽቦ ነው፤ በአንድ ቀን ሥራ ሊድን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ የሚቀበሉት ቅሬታ፣ ሳይመረምሩ እንደሚሰጡት መድኃኒት ነው።

ነገሩን ለማየት ሁለት ቤቶችን በምሳሌነት እንውሰድ። አንደኛው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ዳገቱ ላይ፣ ሁለተኛው ኮተቤ መንገድ ዳር ያለ ነው። ሁለቱም 10 ሜጋ ቢት ይከፍላሉ፤ ሁለቱም ከዚያ በታች ያገኛሉ።

የዳገቱ ቤት ባለቤት ካርታ ቢመለከት ከስልክ ጣቢያው የሚርቀው ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳን አይመስለውም። ሽቦው ግን እንደ ወፍ አይበርም። መንገዱን ተከትሎ ይጠማዘዛል፣ ከእንጦጦ የሚወርዱትን ወንዞች በድልድይ ይሻገራል፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይሄዳል። ቤቱ ሲደርስ 3.5 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ኤዲኤስኤል የሚያውቀው ይህንን ርዝመት ነው።

0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የተለመደ የመዳብ ሽቦ ላይ ምልክቱ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 14 ዲሲቤል ገደማ ይዳከማል። በ3.5 ኪሎ ሜትር ድክመቱ 48 ወይም 49 ዲሲቤል ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትርጉሙ ከባድ ነው፤ ከተላከው ኃይል ቤቱ የሚደርሰው ከ60 ሺህ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። መጀመሪያ የሚጠፉት ደግሞ ፍጥነቱን የሚሸከሙት ከፍተኛ ድግግሞሾች ናቸው። አዲሱ ትውልድ፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ፣ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ ቢት ይሄዳል፤ በዚህ ርዝመት ላይ ግን ሽቦው ምንም ሳይጎዳ እንኳን አምስት ስድስት ሜጋ ቢት ቢያገኝ ደግ ነው።

ስለዚህ ይህ ቤት የተበላሸ ነገር የለውም። ቴክኒሻኑ ቢመጣ ስልኩን አንስቶ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የሰው ድምፅ የሚጓዝበት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ርቀቱን በቀላሉ ይችለዋልና። «መስመርዎ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ነው። ያልተነገረው እውነት ግን መስመሩ ደህና ሆኖ 10 ሜጋ ቢት መሸከም እንደማይችል ነው።

አሁን ወደ ኮተቤው ቤት እንሂድ። ሽቦው 1.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድክመቱ 17 ዲሲቤል አካባቢ። በዚህ ርዝመት ላይ 10 ሜጋ ቢት ቀርቶ ከ15 በላይ ቢመጣ አይገርምም። ቤቱ ግን የሚያገኘው ሦስት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጭራሽ ይቆራረጣል። እዚህ ርቀት ተጠያቂ አይደለም። ሽቦው ታሟል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሽቦዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። መንገድ ሲቆፈር ገመድ ይቆረጣል፤ ተቆርጦ ሲቀጠል መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ውኃ ይገባዋል። ውኃ የገባው መገጣጠሚያ ምልክቱን ወደ ጎረቤት ሽቦና ወደ መሬት ያፈስሳል፤ መዳቡም ይዝጋል። የዛገ መገናኛ እንደ ላላ ሶኬት ነው፤ ያገናኛል፣ ይለቃል፣ ያገናኛል። ይህ ባለሙያዎች «ኖይዝ» የሚሉት ጫጫታ ነው። ሞደሙ ከጫጫታው መሃል የራሱን ቃል ለመስማት ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አልሰማ ሲለው መስመሩን ዘግቶ እንደገና ይጀምራል። የኢንተርኔቷ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው ያኔ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። ውኃው የሚገባው በሐምሌ ነው። ቅሬታው ተመዝግቦ ተራው ደርሶ ቴክኒሻኑ ፀሐያማ ቀን ላይ ከመጣ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ መስመሩ ሊያገግም ይችላል። ይለካል፣ ደህና ያገኘዋል፣ ጥቆማው ይዘጋል። በሚቀጥለው ዝናብ ሁሉም እንደገና ይጀምራል፤ ዝገቱ ግን በየዓመቱ ይብሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለቱን ቤቶች ለመለየት ታዲያ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ቤት ሞደም ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሞደሙ ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ብዙውን ጊዜ `192.168.1.1` ብሎ ገብቶ የመስመር ሁኔታ የሚለውን ገጽ መክፈት ነው። ሦስት ነገር ይበቃል። `Line Attenuation` የሚለው ድክመቱን ይናገራል፤ ለ14 ሲካፈል የሽቦው ርዝመት በኪሎ ሜትር ግምቱ ይገኛል። `SNR Margin` የሚለው ምልክቱ ከጫጫታው በላይ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ይናገራል፤ ከ6 በታች ሲወርድ መስመሩ መቆራረጥ ይጀምራል። `CRC Errors` የሚለው ደግሞ ተበላሽተው የደረሱ መረጃዎችን ይቆጥራል፤ በየደቂቃው የሚጨምር ከሆነ ሽቦው ላይ ችግር አለ።

ድክመቱ ከፍተኛ ሆኖ ስህተቱ ጥቂት ከሆነ፣ የዳገቱ ቤት ነው፦ ርቀት። ድክመቱ ዝቅተኛ ሆኖ ትርፉ በዝናብ ቀን የሚወርድ፣ ስህተቱም የሚሮጥ ከሆነ፣ የኮተቤው ቤት ነው፦ ጉዳት። አንድ ሌላ ምልክትም አለ። የቤት ስልኩ ሞቶ ኢንተርኔቱ እያነከሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ከሁለቱ ሽቦዎች አንደኛው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ኤዲኤስኤል ግን በአንዱም ቢሆን መንፏቀቅ ይችላል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ ጥፋቱ ከግቢው በር ወዲህ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከክፍል ክፍል በጥፍር እየተመታ የተሳበ ሽቦ፣ ለተከራይ ተብሎ ተቀጥሎ ጫፉ ክፍት የቀረ መስመር፣ ያለ ስፕሊተር የተሰካ ስልክ፣ ሁሉም ፍጥነት ይበላሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌላውን ሁሉ ነቅሎ ሞደሙን ገመዱ ከውጭ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ መሰካት፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ማየት። ከተሻሻሉ ጥገናው የባለቤቱ ነው። ካልተሻሻሉ ጥያቄው ወደ ውጭ ይሄዳል።

እዚህ ላይ «መዳቡ እኮ ዘመኑ አልፏል፣ ፋይበር እየመጣ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር ይነሳል። ግማሹ ትክክል ነው። የዳገቱን ቤት የሚያድነው ፋይበር ብቻ ነው፤ ወይም ፋይበር እስከ ሰፈሩ ሣጥን ደርሶ መዳቡ ወደ ጥቂት መቶ ሜትር ማጠሩ። ነገር ግን ፋይበር ብዙ ደንበኛ ባለበት ሕንፃና ዋና መንገድ ላይ ቶሎ ወጪውን ይመልሳል፤ ቤት በተራራቀበት ዳገት ላይ ዘግይቶ ቢደርስ አይገርምም። እስኪደርስ ድረስ እነዚያ ቤቶች በየወሩ የሚከፍሉት ለመዳብ ነው። የሚከፈልበት መስመር ደግሞ «ሊሞት ነው» ተብሎ ሳይጠገን አይተውም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ ደንበኛው ከፍ ያለ ፓኬጅ ከመግዛቱ በፊት መስመሩ ይለካ፤ ሊሸከም የሚችለው ፍጥነትም በቁጥር ይነገረው። 48 ዲሲቤል ላለው ቤት 10 ሜጋ ቢት መሸጥ፣ በሕፃን ጀርባ ላይ ኩንታል እንደመጫን ነው፤ ሕፃኑ ሲወድቅ ጥፋቱ የሕፃኑ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቅሬታ ሲመዘገብ «ቀርፋፋ ነው» ከሚለው ጋር ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ይመዝገቡ፤ በዝናብ ቀን የተወሰደው ንባብ በፀሐይ ቀን በተወሰደው አይሰረዝ። ሦስተኛ፣ መንገድ የሚቆፍር አካል የቆረጠውን ገመድ ቀጥሎና ቀብሮ መሄዱ አይብቃ፤ ቅጥሉ ታሽጎ ተለክቶ ይረከብ። የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከጉዳት ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 464/1997 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በቸልተኝነት የላላ መገጣጠሚያ ግን እንደተሰረቀ ገመድ ዓይን አይስብም፤ ጉዳቱ ለዓመታት ቢቀጥልም።

የአገልግሎት ጥራትን የሚከታተል አካልም አለ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ለዚህም ጭምር ነው። መለኪያው ወደ ደንበኛው ቤት መግባት አለበት። የከተማ አማካይ ፍጥነት ለዳገቱ ቤት የሚነግረው ነገር የለም።

ደንበኛውም ድርሻ አለው። በሚቀጥለው ዝናብ ሞደሙን አጥፍቶ ከማብራት በፊት ገጹን ከፍቶ ሦስቱን ቁጥሮች ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስክሪንሾት ያድርግ። ፀሐይ ሲወጣ ይድገመው። ሁለቱን ንባቦች ይዞ የሚቀርብ ሰው «መስመርዎ ደህና ነው» በሚል መልስ በቀላሉ አይሸኝም። መስመሩ ርቆ ከሆነ «ርቋል» ይባል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሁን። ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ጥገናው ከመጪው ሐምሌ በፊት ያልቅ።