«በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚባል ውሸት

ቃለ ጉባኤ ስትይዙ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብላችሁ የምትዘጉ ሰዎች፣ ዛሬ ጠቤ ከእናንተ ጋር ነው። ከተማሪዎቼ ውስጥ አሁን የቀበሌና የማኅበር ጸሐፊ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። እንዳትቀየሙኝ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

እዚሁ ሮቢት አካባቢ በአንድ ጉድጓድ ውኃ የሚያለሙ ገበሬዎች ሲሰበሰቡ ጸሐፊ አድርገውኝ ነበር። 41 ሰው ነው የተገኘው። ጥያቄው አንድ ነው፦ በተራዬ ቀን መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ተራዬ አለፈ ማለት ነው ወይስ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል? ከፓምፑ አጠገብ ያሉት «ቀኑ ካለፈ አለፈ፤ ተራ ከተዛባ ማንም መቼ እንደሚያጠጣ አያውቅም» አሉ። ከቦዩ ጫፍ ያሉት ደግሞ «ውኃው እኛ ጋ እስኪደርስ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል! መብራቱ በተቆራረጠ ቁጥር የሚደርቀው የእኛ ሽንኩርት ነው» አሉ። ጩኸት ሆነ። ሦስት ሰዎች ጥለው ወጡ። በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ ተራው ይለፍ ያሉት 23፣ የተቃወሙት 11፣ ድምፅ ያልሰጡት 4 ነበሩ።

እኔስ ምን ጻፍኩ? ያንኑ የለመድነውን፦ «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል»።

ወር ሳይሞላ መብራት ጠፋ፤ ከጫፍ ያለ ገበሬ መብራቱ ሲመለስ ውኃውን ወደ ማሳው መለሰ። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን አወጣና «ተስማምተህ የለ እንዴ!» አለው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ እኔ መቼ ነው የተስማማሁት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በውሳኔው መሸነፉን ይቀበል ነበር፤ መቃወሙ መሰረዙን ግን አልተቀበለም። ከዚያ ቀን በኋላ ክርክሩ ስለ ውኃ መሆኑ ቀርቶ ስለ ወረቀቱ ሆነ።

«ጠቡን ብትጽፈው እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው» የሚሉኝ አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን ያልተጻፈ ተቃውሞ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ከመጽደቁ በፊት በጉባኤው ስለ መሬትና ስለ አንቀጽ 39 የተደረገው ክርክር በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ዛሬ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ወደዚያ ሰነድ የሚመለሰው ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ ስለሚያገኝበት ነው። «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ብቻ ቢል ኖሮ ማን ይገልጠው ነበር?

ሌላው ጥፋታችን ደግሞ ሳይታወቀን ወገን መያዛችን ነው። ሰብሳቢው «አስረዱ»፣ «ገለጹ» እንላለን፤ ገበሬው «አማረረ»፣ «አጉረመረመ»። «አስረዱ» ያልን ጊዜ እኮ የተናገሩት እውነት ነው ብለን ፈረድን! በዚያ ላይ አንዱን በአክብሮት «ተናገሩ»፣ ሌላውን «ተናገረ» ስንል ፍርዱ በአንዲት ፊደል ያልቃል። ለሁሉም አንድ ግስ፣ ለሁሉም አንድ አክብሮት፦ «አሉ»። ድርቅ ያለ ይመስላል፣ ግን ሚዛኑ አይዛባም።

ታዲያ የስብሰባው ሙቀት እንዴት ይታይ? የሆነውን በመጻፍ። «በቁጣ»፣ «በግትርነት» የሚሉት የጸሐፊው አስተያየት ናቸው። «ሦስት ሰዎች ድምፅ ሳይሰጡ ወጡ»፣ «ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ስብሰባውን አቋረጡ» ማለት ግን ማንም የማይክደው ነገር ነው፤ አንባቢው ሙቀቱን ራሱ ይረዳዋል። ስድቡን ሁሉ ለቅሙ አላልኩም። ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ስድብ «የግል ንግግር ተነሥቶ ሰብሳቢው አስቆሙ» ከተባለ ይበቃል። ስድቡ ራሱ ክስ ሆኖ ከቀረበ ግን ቃሉ እንዳለ ይጻፍ።

ያን ቃለ ጉባኤ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«ከፓምፑ አጠገብ ያሉ ተጠቃሚዎች ተራ ከተዛባ ማንም ቀኑን አያውቅም አሉ። ከቦዩ ጫፍ ያሉ ተጠቃሚዎች ውኃ ዘግይቶ ስለሚደርሳቸው በመብራት መቆራረጥ የበለጠ የሚጎዱት እነሱ መሆናቸውን አነሡና ተራው ይቀጥል አሉ። ንግግሩ በጩኸት ተቋርጧል፤ ሦስት ተሰብሳቢዎች ወጥተዋል። በ23 ድጋፍ፣ በ11 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ተራው እንዲያልፍ ተወስኗል። የተቃወሙት ተሰብሳቢዎች ያነሡት የጉዳት ጥያቄ መልስ አላገኘም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብትኖር ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ የት እንደሚጀምር ያውቅ ነበር። «ይህማ ለተሸናፊዎቹ ማድላት ነው» የሚል ካለ፣ መልስ ተሰጥቷቸው ከነበረ መልሱን ያሳየኝና እሱን እጽፋለሁ።

ፊርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከየወገኑ አጥብቆ የተከራከረውን ሰው ጥሩና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «የአንተ ሐሳብ ይሄ ነው?» የሌላውን ወገን እንዲቀበል አትጠይቁት፤ እሱ የእናንተ ሥራ አይደለም። ሁለቱም «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ካሉ ብቻ አስፈርሙ።

ያን ገበሬ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ «በሙሉ ድምፅ» እንዳለ ፋይል ውስጥ አለ፤ የእኔም ፊርማ ከሥሩ።