ውሃውን አፈላነው፤ ከዚያስ?

ስለ ንጹህ የመጠጥ ውሃ የሚሠሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ትረካ ብዙውን ጊዜ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብሎ ያበቃል። በእኔ እምነት ግን ቀጥሎ ያለውም መነገር አለበት። ማፍላት ውሃው ውስጥ ያለውን ጀርም ይገድላል እንጂ በኋላ የሚገባውን አይከላከልም።

እናት አፍልታ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልጁ ከሽንት ቤት መጥቶ እጁን ሳይታጠብ በኩባያ ይጨልፋል። ጣቶቹ ውሃውን ሲነኩ እንደገና ይበከላል። መልኩም ጣዕሙም ስለማይለወጥ ማንም ልብ አይልም፤ ተቅማጥ ግን ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ትረካው እንዲህ ቢል እመርጣለሁ፦ «ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ቦታዎች 3 ደቂቃ ይፍላ። እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። በደንብ ወደታጠበ አፈ ጠባብ ጀሪካን ገልብጡትና ክደኑት። ስትጠጡ አዘንብላችሁ ቅዱ እንጂ አትጨልፉ።»